ግፊቱ ለምን አልወረደም? የሐኪሙ ማስታወሻ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ

«ግፊቱ አልተስተካከለም። ያው መድኃኒት ይቀጥል። ከሦስት ወር በኋላ ይመለሱ።» የደም ግፊት ክትትል ያላቸው ሰዎች ካርድ ቢገለጥ እንዲህ ያለ ማስታወሻ ገጽ በገጽ ሊገኝ ይችላል። ስህተት የለበትም፤ ግን የሚነግረው ነገርም የለም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ካርዱን የሚከፍተው ምናልባት ሌላ ሐኪም ነው። እሱም ግፊቱ ከፍ ማለቱን እንጂ ለምን ከፍ እንዳለ፣ ምን እንደተሞከረና ምን እንደቀረ ከዚህ ጽሑፍ አያገኝም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የታሰበው አጻጻፍ ሐኪሞች «ሶፕ» የሚሉት ነው። መነሻው አሜሪካዊው ሐኪም ሎረንስ ዊድ በ1960ዎቹ ያስተዋወቀው፣ የሕክምና መዝገብን በታካሚው ችግሮች ዙሪያ የማደራጀት ዘዴ ነው። ማስታወሻው አራት ክፍል አለው፦ ታካሚው የተናገረው፣ ሐኪሙ ያየውና የለካው፣ ሐኪሙ ከሁለቱ ተነስቶ የደረሰበት ግምገማ፣ በመጨረሻም ዕቅዱ። ቅደም ተከተሉን ማንም የሕክምና ተማሪ ያውቀዋል። ወረፋው ሲረዝም ግን ቶሎ የሚሳሳው ሦስተኛው ክፍል ነው፤ ለደም ግፊት ታካሚ ደግሞ ዋናው ጉዳይ ያለው እዚያ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የ58 ዓመት ሴት ናቸው፣ ለቀጠሯቸው መጥተዋል። የታዘዘላቸው ኢናላፕሪል 10 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊ ግራም ደግሞ ጠዋት ነው። በር ላይ ሲለኩ 178 በ102 ሆነ።

ሐኪሙ «እናቴ፣ መድኃኒትዎን ይወስዳሉ?» ብሎ ቢጠይቃቸው መልሳቸው «አዎ ልጄ» ነው። ሐኪም ፊት ተቀምጦ «አልወስድም» ማለት ይከብዳል። ጥያቄው «ባለፉት ሰባት ቀናት ስንት ቀን አመለጥዎት? ዛሬ ጠዋትስ ወስደዋል?» ሲሆን ግን ሌላ ነገር ይወጣል። ኢናላፕሪሉ ካለቀ 8 ቀን ሆኖታል፤ በጤና መድኅን የሚወስዱበት መድኃኒት ቤት «የለም» ብሏቸው፣ ከውጭ ለመግዛት ገንዘብ አልተረፋቸውም። ሌላኛውን ክኒን ይወስዳሉ፤ ዛሬ ግን «ደም ትመረመራለሽ ይሆናል» ስለተባሉ ሳይበሉም ሳይወስዱም ነው የመጡት። «ሌላስ የሚወስዱት ነገር?» ሲባሉ ለጉልበታቸው ከመድኃኒት ቤት ገዝተው ሁለት ሳምንት የዋጡትን ዳይክሎፌናክ ከቦርሳቸው አወጡ።

የማስታወሻው የመጀመሪያ ክፍል ይህን ይይዛል፦ ምን እንደቀረ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በምን ምክንያት። እዚያው ላይ የሌለውም ይጻፋል፦ የደረት ሕመም የለም፣ ትንፋሽ አያጥርም፣ የዓይን ብዥታ የለም፣ በአንድ ወገን እጅና እግር ላይ ድክመት የለም። ይህ ዓረፍተ ነገር ለወግ የሚጻፍ አይደለም። 180 በ120 እና ከዚያ በላይ የሆነ ግፊት ከነዚህ ምልክቶች ጋር ከመጣ ቦታው የክትትል ክፍል ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሁለተኛው ክፍል ቁጥር ነው፤ ግን የትኛው ቁጥር? በር ላይ የተለካው 178 ደረጃ ወጥተው እንደደረሱ፣ እያወሩ፣ በሹራባቸው ላይ የተወሰደ ነው። ከአምስት ደቂቃ ዕረፍት በኋላ፣ ጀርባቸው ተደግፎ፣ እግራቸው መሬት ረግጦ፣ ክንዳቸው በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አርፎ ሲለካ 166 በ98፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ሲደገም 164 በ96 ሆነ። የሚጻፉት ሁለቱ ናቸው፣ የትኛው ክንድ እንደሆነም ጭምር። የሚጠመጠመው ጨርቅ ለክንዱ ከጠበበ ንባቡ ያለአግባብ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ወፍራም ክንድ ላይ በትንሽ ጨርቅ የተለካ ግፊት መድኃኒት ለመጨመር ማስረጃ አይሆንም። አምስት ደቂቃ ለተጨናነቀ ክፍል ብዙ ነው የሚል አለ። ታካሚዋ ግን ወረፋ ላይ ከዚያ በላይ ተቀምጠዋል፤ መለኪያውን ከደረጃው አጠገብ አንስቶ ተቀምጠው ወደሚጠብቁበት ቦታ መውሰድ ይበቃል። ከዚህ ሌላ የልብ ምት፣ ክብደት፣ የእግር እብጠት መኖር አለመኖሩና የመጨረሻው የኩላሊት ምርመራ ከነቀኑ ይሰፍራሉ። የእኚህ ሴት ምርመራ ዓመት አልፎታል።

አሁን ግምገማው። «ያልተስተካከለ የደም ግፊት» ብሎ ማቆም ቁጥሩን በቃል መድገም ነው። ሐኪሙ መምረጥ አለበት፦ ልኬቱ ነው የተሳሳተው? መድኃኒቱ አልተወሰደም? ሌላ ነገር ግፊቱን እያስነሳው ነው? ወይስ መድኃኒቱ በትክክል ተወስዶም አልበቃም? በዚህ ምሳሌ ግምገማው እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «የደም ግፊት ከግቡ ማለትም ከ140 በ90 በላይ። ዋና ምክንያት ኢናላፕሪል በአቅርቦት እጥረት ለ8 ቀን መቋረጡ። ተጨማሪ ምክንያት ዳይክሎፌናክ። የድንገተኛ ምልክት የለም። የኩላሊት ሁኔታ አይታወቅም።» ዳይክሎፌናክ ሰውነት ጨውና ውኃ እንዲይዝ በማድረግ ግፊትን ያነሳል፤ ከኢናላፕሪልና ከሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋር ሲወሰድ ደግሞ ሦስቱ ተደማምረው ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ።

ይህ ግምገማ ዕቅዱን ይወስናል። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሐኪም ሦስተኛ መድኃኒት ይጨምር ነበር። ሴትዮዋ ከወር በኋላ ኢናላፕሪሉን አግኝተው ሦስቱንም ቢውጡ ግፊታቸው ከሚገባው በታች ወርዶ፣ ሲነሱ ራሳቸውን አዙሯቸው ሊወድቁ ይችላሉ። ስለዚህ ዕቅዱ፦ ዳይክሎፌናክ ይቁም፣ ለጉልበቱ ፓራሲታሞል፤ ክሬአቲኒንና ፖታሲየም ዛሬ ይሠራ፤ ውጤቱ ታይቶ ደህና ከሆነ ኢናላፕሪል በነበረበት መጠን ይጀመር፣ ለ30 ቀን 60 ክኒን፤ ሌላኛው ይቀጥል። መድኃኒት ቤቱ ኢናላፕሪል መኖሩ ታካሚዋ ሳይሄዱ ይጠየቅ፤ ከሌለ ያለው አማራጭ ዛሬውኑ ይታዘዝ። ቀጠሮ ከአራት ሳምንት በኋላ እንጂ ከሦስት ወር በኋላ አይደለም።

ከዚያ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ መስመር አለ፦ «መድኃኒቱን ሁሉ ወስደው በቀጠሮው ቀን ከ140 በ90 በላይ ከሆነ አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም ይጨመር።» የዚህ መስመር ጥቅም ለቀጣዩ ሐኪም ነው። እሱ ባይኖር አዲሱ ሐኪም «እስቲ አንድ ቀጠሮ እንይ» ይላል፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣውም እንደዚሁ። ግፊት ለዓመታት ከፍ ብሎ የሚቆይበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

በአንጻሩ ሌላ ታካሚ እንውሰድ። የእሳቸውም ግፊት 164 በ96 ነው፤ ነገር ግን አንድም ቀን አላመለጣቸውም፣ የሕመም ማስታገሻ አይወስዱም፣ ባለፉት ሁለት ቀጠሮዎችም ከ150 አልወረደም። እዚህ ላይ «ያው ይቀጥል» ማለት ነው ስህተቱ፤ መድኃኒቱ ዛሬ መጨመር አለበት። በሁለቱ ካርዶች ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው፣ ዕቅዱ ግን ተቃራኒ። የሚለያቸው በመጀመሪያው ክፍል የሰፈረው ታሪክና ከእሱ የወጣው ግምገማ ብቻ ነው።

ሙሉ ማስታወሻው ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት መስመር ይበቃዋል። የቀድሞውን ማስታወሻ ገልብጦ ቁጥር መቀየር ግን የሚያሳጥረው ጽሑፉን ሳይሆን ጥያቄውን ነው። በኮምፒውተር መዝገብ ላይ ይህ ይበልጥ ይቀላል፤ የተቋረጠ መድኃኒት «ይወስዳሉ» ተብሎ ለወራት ሊኖር ይችላል።

የደም ግፊት ቀጠሮ ያለዎት አንባቢ፣ በቀጠሮዎ ቀን የሚወስዱትን ክኒን ሁሉ ከነማሸጊያው ይዘው ይሂዱ፤ ለጉልበት፣ ለራስ ምታት ብለው በራስዎ የገዙትንም። ሐኪምዎ እንዳይወስዱ ካላዘዘዎት በስተቀር የዚያን ዕለት ጠዋት መድኃኒትዎን ወስደው ይምጡ። ያመለጠዎት ቀን ካለ ቁጥሩን ሳያፍሩ ይናገሩ።