በጎማ ጎን ላይ የተጻፈውን መለያ አንብቦ የጎማን ስፋትና አጠቃላይ ዲያሜትር ማስላት

የላይ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከትክል ድንጋይ ወደ ጎንደር እየተመላለሰ ተሳፋሪ የሚያጓጉዝ አንድ ሚኒባስ የኋላ ጎማዎቹ አልቀው ሌላ ሊገዛለት ነው እንበል። ባለንብረቱ በአሮጌው ጎማ ጎን ላይ የሚያነበው መለያ 195R15C ይላል። ከሻጭ የቀረበለት በዋጋ የሚቀንስ ጎማ ደግሞ 195/65R15 የሚል ጽሑፍ አለበት። ሁለቱም ላይ 195 አለ፤ ሁለቱም ላይ 15 አለ። አዲሱ ጎማ ቸርኬው ላይ ያለችግር ይገባል፤ አየርም ይይዛል። ይሁን እንጂ ሁለቱ ጎማዎች በቁመት ወደ ስድስት ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ልዩነት አላቸው፤ በሚሸከሙት ክብደት ያላቸው ልዩነት ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። ይህን ከግዢ በፊት ለማወቅ የሚያስፈልገው ጽሑፉን ማንበብና ጥቂት ማባዛትና መደመር ብቻ ነው።

አንባቢን በቅድሚያ የሚያሳስተው በአንድ መስመር የተጻፉት ሦስት ቁጥሮች በሦስት የተለያዩ መለኪያዎች የተገለጹ መሆናቸው ነው። በ195/65R15 ላይ የመጀመሪያው ቁጥር ሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው መቶኛ፣ ሦስተኛው ደግሞ ኢንች ነው። በአንድ ዕቃ ላይ ሚሊ ሜትርንና ኢንችን ማደባለቅ ግራ የሚያጋባ አሠራር ቢሆንም ዓለም አቀፉ የጎማ ገበያ የሚሠራው በዚሁ በመሆኑ እንዳለ መቀበል ግድ ነው።

195 የጎማውን ስፋት ያመለክታል። ይህ ስፋት መንገዱን የሚነካው ጥርስ ስፋት አይደለም። ጎማው በተገቢው ቸርኬ ላይ ታስሮ አየር ሲሞላ ከአንዱ ጎን እስከ ሌላው ጎን፣ በጣም ካበጠበት ቦታ ላይ የሚለካው ርቀት ነው። በመሆኑም ጥርሱን በሜትር ለክቶ «ጽሑፉ ውሸት ነው» ማለት አይቻልም፤ የጥርሱ ስፋት ዘወትር ከዚህ ያንሳል። ስፋቱ በቸርኬው ስፋትም ይወሰናል። ያው ጎማ ግማሽ ኢንች በሚሰፋ ቸርኬ ላይ ቢታሰር ጎኑ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል።

65 የጎማውን ጎን ከፍታ ያሳያል፤ የሚያሳየው ግን በሚሊ ሜትር ሳይሆን ከስፋቱ አንጻር በመቶኛ ነው። የጎኑ ከፍታ የ195 ሚሊ ሜትር 65 በመቶ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው R ፊደል ጎማው ራዲያል መሆኑን ሲገልጽ፣ 15 ደግሞ ጎማው የሚቀመጥበት ቸርኬ ዲያሜትር በኢንች ነው። ብዙ ሰው «አሥራ አምስት ጎማ» ሲል የጎማውን መጠን የተናገረ ይመስለዋል፤ የተናገረው ግን የብረቱን መጠን ብቻ ነው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 15 ኢንች ቸርኬ 381 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

አጠቃላይ ዲያሜትር ማለት ጎማው ሲቆም ከመሬት እስከ ላይኛው ጫፍ ያለው ቁመት ነው። ስሌቱም እንደሚከተለው ነው፦

```
195 × 0.65 = 126.75
126.75 × 2 + 381 = 634.5
```

የጎኑ ከፍታ በሁለት የሚባዛው የጎማው ጎን ከቸርኬው በታችም በላይም ስላለ ነው። በዚህ ስሌት በብዛት የሚፈጸመው ስህተት ይህን መርሳት ነው።

በሚኒባሱ አሮጌ ጎማ ላይ ያለው 195R15C ግን መካከለኛው ቁጥር የለውም። ይህ የጽሑፍ ጉድለት አይደለም። የጎን ከፍታ በመቶኛ መጻፍ ከመለመዱ በፊት የነበረው አጻጻፍ ሲሆን፣ ቁጥሩ ሳይጻፍ ሲቀር የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ ከ80 እስከ 82 በመቶ ገደማ እንደሆነ ይወሰዳል። በ80 ሲሰላ 195 በ0.80 ተባዝቶ 156፣ ያም በሁለት ተባዝቶ 312 ይሆናል፤ 381 ሲደመርበት 693 ሚሊ ሜትር ይመጣል። መጨረሻ ላይ ያለው C ጎማው ለቀላል የንግድ ተሽከርካሪ የተሠራ መሆኑን ያመለክታል።

እንግዲህ ልዩነቱ 693 ሲቀነስ 634.5፣ ማለትም 58.5 ሚሊ ሜትር ነው። የሚኒባሱ የኋላ ክፍል የዚህን ግማሽ፣ ወደ 29 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። አጭሩ ጎማ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ብዙ ጊዜ መዞር ስላለበትና በብዙ ተሽከርካሪዎች የፍጥነት ማሳያው ቆጠራውን የሚወስደው ጎማዎቹን ከሚያዞረው ክፍል ስለሆነ፣ ማሳያው 80 ሲል ተሽከርካሪው በእርግጥ የሚሄደው በ73 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም 100 ኪሎ ሜትር የተሄደውን 109 ብሎ ይመዘግባል። በኪሎ ሜትር የሚቆጠር የዘይት ለውጥና የጥገና ጊዜ ያላግባብ ይቀርባል። ከዚህ ይልቅ አሳሳቢ የሚሆነው ተቃራኒው ሁኔታ ነው። ከተመደበው የሚረዝም ጎማ ሲገጠም ማሳያው ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ስለሚያሳይ፣ አሽከርካሪው በተፈቀደው ወሰን ውስጥ ያለ እየመሰለው ከወሰኑ ሊያልፍ ይችላል።

የክብደቱ ጉዳይ ከመጠኑ ጽሑፍ ቀጥሎ በሚገኘው ቁጥር ይታወቃል። ከ195R15C ቀጥሎ በብዛት 106/104 የሚል ይጻፋል። 106 ጎማው ብቻውን ሲታሰር 950 ኪሎ ግራም፣ 104 ደግሞ ጎን ለጎን በጥንድ ሲታሰር 900 ኪሎ ግራም መሸከም እንደሚችል የሚገልጽ የመለያ ቁጥር ነው። ከ195/65R15 ቀጥሎ በብዛት የሚገኘው ግን 91 ሲሆን፣ ይህም 615 ኪሎ ግራም ነው። ለኋላ አክስል ሁለት ጎማ ሲታሰብ 1,900 የነበረው አቅም ወደ 1,230 ኪሎ ግራም ይወርዳል ማለት ነው። ተሳፋሪ ሞልቶ፣ ጣሪያው ላይ እህልና ዕቃ ጭኖ ዳገት ቁልቁለቱን ለሚመላለስ ሚኒባስ ይህ ጎማ ለቤት መኪና የተሠራ ነው። የመለያው መካከለኛ ቁጥር መለወጡ ብቻ ሊያስጠረጥር ይገባ ነበር።

ትክክለኛው ጎማ ከገበያ ቢጠፋስ? በዘርፉ በስፋት የሚሠራበት መመዘኛ አጠቃላይ ዲያሜትሩ ከመጀመሪያው ከ3 በመቶ በላይ እንዳይራራቅ ማድረግ ነው። ለምሳሌ 205/70R15C ቢቀርብ ቁመቱ 668 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ልዩነቱ 3.6 በመቶ ይሆናል፤ ከወሰኑ ያልፋል። 205/75R15C ከተገኘ ግን 688.5 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ልዩነቱ ከ1 በመቶ በታች ነው። መካከለኛው ቁጥር ከ80 ወደ 75 ቢወርድም ስፋቱ ስለጨመረ ቁመቱ እምብዛም አልተለወጠም፤ መቶኛውን ከስፋቱ ነጥሎ ማንበብ የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው። የክብደት መለያው ከአሮጌው አለማነሱና ሰፊው ጎማ ከቸርኬውና ከመኪናው አካል ጋር የማይነካካ መሆኑ አብሮ መታየት አለበት። በአንድ አክስል ግራና ቀኝ የሚታሰሩት ሁለቱም ጎማዎች ምንጊዜም እኩል መሆን ይገባቸዋል። ካልሆነ ዲፈረንሻሉ በቀጥታ መንገድ ላይም ያለማቋረጥ ልዩነቱን ለማስተካከል ይሠራል፤ ይሞቃል፤ ያልቃልም።

ስሌቱን በተግባር ለማረጋገጥ ጎማው መሬት ላይ በሚያርፍበት ቦታና በጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ፣ ተሽከርካሪውን ጎማው አንድ ሙሉ ዙር እስኪዞር ገፍቶ ርቀቱን በሜትር መለካት ይቻላል። ክብደት የተሸከመ ጎማ ታችኛው ክፍሉ ስለሚረግብ የሚገኘው ርቀት ዲያሜትሩ በ3.14 ሲባዛ ከሚመጣው ጥቂት ያንሳል፤ ለራዲያል ጎማ በ3.05 ማባዛት ለእውነቱ ይቀርባል። በዚህ መሠረት ባለ 693 ሚሊ ሜትሩ 2.11 ሜትር፣ ባለ 634.5 ሚሊ ሜትሩ 1.94 ሜትር ያህል ይጓዛል።

እስካሁን የተገለጸው ስሌት ለአይሱዙ የጭነት መኪናዎች ጎማ አይሠራም። 7.50R16 በሚለው መለያ ላይ ሁለቱም ቁጥሮች ኢንች ናቸው፤ መቶኛም የለም። 7.50 ኢንች ሲቀየር 190.5 ሚሊ ሜትር ቢሆንም የጎማው እውነተኛ ስፋት 215 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ቁመቱም 805 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የ7.00R16 ቁመት ደግሞ 775 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እነዚህ መጠኖች የሚገኙት ከአምራቹ ሠንጠረዥ እንጂ ከመለያው በማስላት አይደለም።

ሁለቱ ጎማዎች 16 ኢንች ቸርኬ ላይ የሚታሰሩ በመሆናቸው አንዱ በሌላው ጎን በጥንድ ሲገጠሙ ይታያል፤ ጉዳቱም ከሚኒባሱ የበለጠ ፈጣን ነው። በቁመት 30 ሚሊ ሜትር የሚያንሰው ጎማ መሬት በሚገባ ስለማይረግጥ ረጅሙ የጥንዱን ጭነት አብዛኛውን ብቻውን ይሸከማል። ሁለቱ በአንድነት የታሰሩ ስለሆነ እኩል ከመዞር ሌላ አማራጭ የላቸውም፤ ስለዚህ አጭሩ መንገዱ ላይ እየተጎተተ ጥርሱን ይጨርሳል፤ ረጅሙም ከመጠን በላይ ይግላል። ከትክል ድንጋይ ደጋ ተነሥቶ ወደ ታች አርማጭሆ፣ ወደ ሳንጃ ቆላ የሚወርድ የተጫነ መኪና ሙቀቱ እየጨመረ በሚሄድበት አቅጣጫ ስለሚጓዝ የጎማው የመፈንዳት አደጋ ከፍ ይላል።

በዚህ መጠን ላሉ ጥንድ ጎማዎች የሚፈቀደው የዲያሜትር ልዩነት 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ተመሳሳይ መለያ ያላቸው ጎማዎች እንኳን ይህን ወሰን ሊያልፉ ይችላሉ፤ ምክንያቱም የጥርስ መበላት በዲያሜትሩ ላይ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ጥርሱ 4 ሚሊ ሜትር የተበላ ጎማ ከአዲሱ 8 ሚሊ ሜትር ያጥራል። ስኮርታ ሆኖ የቆየ አዲስ ጎማ ካረጀ ጎማ ጎን ሲታሰር የሚፈጠረው ይኸው ነው። ለማጣራት አራቱም የኋላ ጎማዎች እኩል አየር ከተሞሉ በኋላ ቀጥ ያለ ረጅም ጣውላ ወይም የተወጠረ ገመድ በጥርሶቻቸው ላይ አግድም ይደረጋል። ጣውላው የማይነካው ጎማ ካለ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይለካል፤ ክፍተቱ የሚያሳየው የግማሽ ዲያሜትሩን ልዩነት ስለሆነ ከ3 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ጥንዱ መፈታት አለበት።