አንድ ቀን እየዘለሉ የሚውጡት የብረት ክኒን

በብረት እጥረት ደም ላነሳቸው ሰዎች ክኒኑ በየቀኑ፣ አንዳንዴም በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲታዘዝ ኖሯል። ብዙ የዋጠ ብዙ ደም የሚያገኝ ይመስላል። አንጀት ግን ወደ ደም የሚያሳልፈው ጉበት የፈቀደለትን ያህል ነው።

ሰውነታችን ትርፍ ብረት የሚያስወጣበት መንገድ የለውም። በቀን የሚጠፋው ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ቢሆን ነው፤ የወር አበባ ሲኖር ይጨምራል። ስለዚህ ቁጥጥሩ መግቢያው ላይ ነው። የተዋጠው ብረት መጀመሪያ ወደ ትንሹ አንጀት ግድግዳ ሴሎች ይገባል፤ ከዚያ ወደ ደም የሚሻገርበት በር ፌሮፖርቲን የተባለ ፕሮቲን ነው። በደም ውስጥ ብረት ሲበዛ ጉበት ሄፕሲዲን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል። ሄፕሲዲን ፌሮፖርቲን ላይ ተጣብቆ እንዲፈርስ ያደርገዋል፤ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ብረቱም ሴሉ ውስጥ እንደታገተ ይቀርና ከጥቂት ቀናት በኋላ ሴሉ ሲረግፍ አብሮት ከሰገራ ጋር ይወጣል።

60 ሚሊግራም ብረት ያለው አንድ ክኒን ሄፕሲዲንን ከፍ ያደርገዋል፤ ይህም 24 ሰዓት ያህል ይቆያል። በማግስቱ የሚዋጠው ክኒን የሚደርሰው እንግዲህ በሩ ገና በደንብ ሳይከፈት ነው።

የዙሪክ ተመራማሪዎች በ2017 ያሳተሙት ጥናት ይህንን በቁጥር አሳይቷል። የብረት ክምችታቸው ያነሰ 40 ሴቶች እያንዳንዳቸው 14 ክኒን ወሰዱ፤ ግማሾቹ በየቀኑ ለ14 ቀናት፣ ግማሾቹ አንድ ቀን እየዘለሉ ለ28 ቀናት። በየቀኑ የዋጡት ሰውነት በአማካይ 131 ሚሊግራም ብረት ሲያስገባ፣ እየዘለሉ የዋጡት 175 ሚሊግራም አስገባ። ክኒኑ ያው ነው፤ የተለየው ጊዜው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ይገባል። እየዘለለ የሚውጥ ሰው በ14 ቀናት የሚወስደው 7 ክኒን ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ ጊዜ የሚያገኘው የ175ቱን ግማሽ ያህል ነው። ከእያንዳንዱ ክኒን የሚያተርፈው ይበልጣል፤ ክምችቱ የሚሞላው ግን ቀስ ብሎ ነው። በእኔ እምነት ይህ መንገድ በተለይ የሚስማማው እጥረቱ ቀላል ለሆነና በየቀኑ ሲውጥ ሆዱን እያመመው፣ እየደረቀበት ክኒኑን ለሚያቋርጥ ሰው ነው። ደሟ በጣም ያነሰ ወይም ለመውለድ የተቃረበች ሴት የምትጠብቅበት ጊዜ የላትም። ለነፍሰ ጡሮች የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው አሁንም የየቀኑን ነው፤ ሐኪም ሳያማክሩ መቀየር አይገባም።

ሄፕሲዲን በኢንፌክሽንና በሌላ ብግነትም ይጨምራል። ያን ጊዜ ሰውነት ብረት ቢያጣም በሩ ይዘጋል፤ ቀን መዝለሉም ብዙ አይረዳም። በተለይ በየቀኑ ክኒኑን በአግባቡ የወሰደ ሰው ከአንድ ወር በኋላ ሲመረመር ሄሞግሎቢኑ ካልጨመረ፣ ክኒን ከማብዛት በፊት የተደበቀ መድማት ወይም በሽታ መኖሩ መፈተሽ አለበት።