«የልጄ ስም የታለ?»

እንጭኒ ውስጥ፣ ከሆለታ ወደ ሙገር በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ባለ አንድ ቤት፣ አንድ አያትና የልጅ ልጃቸው ለሁለት ሳምንት ያህል ተኳርፈው ነበር። ልጅቱ መምህርት ናት። ማታ ማታ የጻፈቻቸው አጫጭር ልቦለዶች ሊታተሙላት ስለሆነ የሽፋኑን ረቂቅ ይዛ መጣች። አዛውንቱ መነጽራቸውን አጥልቀው ወረቀቱን አገላበጡና «የልጄ ስም የታለ?» አሉ።

ልጃቸው፣ ማለትም የእሷ አባት፣ በሕይወት የለም። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የእሷም የአባቷም አልነበረም። «አባባ፣ የብዕር ስም ነው» ብትላቸው አልተዋጠላቸውም። «አባቱን የሚደብቅ ሌባ ነው» ብለው ወረቀቱን መለሱላት። ይህን ያጫወቱኝ ራሳቸው አያትየው ናቸው። አሁን ሲያወሩት ይስቃሉ፤ ስማቸውን ግን እንዳልጽፍ አደራ ብለውኛል።

የልጅቱ ምክንያት አባቷን መደበቅ አልነበረም። የእሷ ስምና የአባቷ ስም ሁለቱም የተለመዱ ናቸው። መጻሕፍት መደብር ሄዳ ስትጠይቅ፣ በዚያው ስምና በዚያው የአባት ስም የምትጽፍ ሌላ ሴት አገኘች። ሁለተኛው ምክንያቷ ክፍል ውስጥ ያሉት ተማሪዎቿ ናቸው። ስለ ትዳር የጻፈችውን ታሪክ አንብበው «ቲቸር፣ ይሄ ያንቺ ነው?» እንዲሏት አልፈለገችም።

የመጀመሪያው ምክንያት በኛ አገር በጣም የሚያጋጥም ነው። የቤተሰብ መጠሪያ ስለሌለን ሰው የሚለየው በራሱና በአባቱ ስም ብቻ ነው፤ ሁለቱም የተለመዱ ከሆኑ ሞክሼው ብዙ ነው። ለምዕራብ ሸዋ ሰው ምሳሌው ሩቅ አይደለም። አምቦ አጠገብ ቦዳ በ1928 ዓ.ም. የተወለዱት ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ በዘመናቸው ፍጹም ሞክሼ ነበራቸው። ሌላው ጸጋዬ ገብረ መድኅን የኢሕአፓ መሪ የነበሩት ናቸው። ሁለቱም ስማቸው በጽሑፍ ይነሳ ስለነበር የሚለዩት በቅጽላቸው ነው፦ ባለቅኔው «ሎሬት»፣ ፖለቲከኛው «ደብተራው» ተባሉ። ባለቅኔውን «ቀዌሳ» የሚለውን ስም ጨምረው የሚጠሩም አሉ። መለያ ስም ጸሐፊው በጊዜ ካልመረጠ፣ ሌላ ሰው ይሰጠዋል ማለት ነው።

አዛውንቱን መጀመሪያ ያለሳለሳቸው የአንድ ጎረቤታቸው ነገር ነው። «እርስዎስ በክርስትና ስምዎ ማን ይጠራዎታል? ስምዎ ሁለት ስለሆነ አባትዎን ካዱ?» አሏቸው። እውነት ነው፤ አንድ ሰው በቤት ስሙ፣ በክርስትና ስሙና በመዝገብ ስሙ ሲጠራ ማንም አይደናገጥም። ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ደጃዝማች ባልቻ «አባ ነፍሶ» በሚባል የፈረስ ስም ሲፎከርላቸው የአባታቸው ስም አልጠፋም። እያንዳንዱ ስም የየራሱ ቦታ ስላለው አይጋጭም። የብዕር ስምም ቦታው ሽፋኑ ነው። ችግር የሚመጣው ከሽፋኑ ወጥቶ ባንክ ቤት ሲገባ፣ ወይም የመዝገቡ ስም ከውል ላይ ሲጠፋ ነው።

ይህን መለያየት ጠብቆ ለኖረ ሰው ጥሩ ምሳሌው እንግሊዛዊው ጆርጅ ኦርዌል ነው። የመዝገብ ስሙ ኤሪክ አርተር ብሌር ይባላል። በፈረንጆች 1933 የታተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ በፓሪስና በለንደን በድህነት ያሳለፈውን ኑሮ የሚተርክ ስለነበር፣ ቤተሰቡ እንዳያፍርበት በሌላ ስም እንዲወጣ ፈለገ። አራት ስሞችን ጽፎ ላከና «ጆርጅ ኦርዌል» ተመረጠ፤ ኦርዌል በአገሩ የሚገኝ የወንዝ ስም ነው። ስሙ ዓለምን ቢያዳርስም በሕግ አላስለወጠውም። በማደጎ ያሳደገው ልጁ «ብሌር» ነው የሚባለው፤ መቃብሩ ላይም የተጻፈው ኤሪክ አርተር ብሌር ነው።

እንጭኒ ስንመለስ፣ ቀጣዩ ጥያቄ «እሺ፣ የትኛው ስም?» የሚለው ነበር። ልጅቱ አያቷን ለማስደሰት ብላ፣ የአባቷን ስም አስወጥታ የእሷን ስም ከአያቷ ስም ጋር ለማያያዝ አሰበች። አዛውንቱ ግን ጥቂት አሰብ አድርገው ሳቁ። «እንዲያ ከሆነማ የእኔ ልጅ፣ የአባትሽ እህት ሆንሽ ማለት ነው!» አሏት። ልክ ናቸው። በኛ አጠራር ሁለተኛው ስም ሁልጊዜ አባት ነው። ሁለት ቃል ያለው የብዕር ስም ሲመረጥ አንባቢ ሁለተኛውን ቃል አባት ብሎ ይወስደዋል፤ መታወቂያ ላይ ካለው ስም ጋርም በቀላሉ ይምታታል።

በደራሲዎቻችን ዘንድ ሁለቱም ዓይነት አለ። «እብዱ»ን እና «ወይ አዲስ አበባ»ን የጻፈው አውግቸው ተረፈ የመዝገብ ስሙ ኅሩይ ሚናስ ነው። የብዕር ስሙ የራስና የአባት ስም መስሎ ስለተሠራ፣ እውነተኛ ስሙ እንደሆነ አምኖ የኖረ አንባቢ ጥቂት አይደለም። መሰወር ለሚፈልግ ይህ ይመቻል። በ1959 ዓ.ም. «በረከተ መርገም» በተባለው ግጥሙ የታወቀው ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ ግን «ገሞራው» የሚል አንድ ቃል መረጠ። አንድ ቃል የማንንም አባት አይተካም፤ የብዕር ስም መሆኑም ወዲያው ይታወቃል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ስሞቹ ጎን ለጎን ስለሚጻፉም ማን እንደሆነ አንባቢ አይጠፋውም። የእንጭኒዋ መምህርትም በመጨረሻ ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ አንድ ቃል መረጠች።

ከመወሰኗ በፊት ቃሉን ሌላ ሰው እንዳልያዘው ፈተሸች። እዚህ ላይ የፊደላችን ነገር ያታልላል። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»፣ «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» በአነባበብ አንድ ስለሆኑ ስምን በአንድ ፊደል ብቻ ፈልጎ «የለም» ማለት ስሕተት ነው። በሁሉም አጻጻፍ በስልክ መፈለግ፣ ከዚያም መጻሕፍት መደብሮችን ድምፁን እየጠሩ መጠየቅ ያስፈልጋል። ስሙ ከተመረጠ በኋላ ደግሞ አጻጻፉ አንድ ሆኖ መጽናት አለበት። በመጀመሪያው መጽሐፍ በ«ሰ»፣ በሁለተኛው በ«ሠ» ከወጣ፣ ከጊዜ በኋላ በመጻሕፍት ዝርዝር ላይ ሁለት ደራሲ መስሎ ይገኛል። በላቲን ፊደል የሚጻፍበትም መንገድ እንዲሁ አንድ መሆን አለበት።

አሁን ወላጅን በይበልጥ የሚመለከተው የወረቀቱ ጉዳይ ነው። ከአሳታሚው ጋር የሚፈረመው ውል በብዕር ስም ብቻ መሆን የለበትም። መታወቂያ ላይ እንዳለው የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ይጻፋል፤ ቀጥሎ «በብዕር ስሟ እንዲህ የምትባለው» የሚል ይታከላል። ፊርማውም የመዝገቡ ነው። የባንክ ሒሳብና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በመዝገብ ስም ስለሆኑ ክፍያውም በዚያው ስም መውጣት ይኖርበታል። ቼኩ በብዕር ስም ከተጻፈ ባንኩ ከመታወቂያው ጋር አመሳክሮ ይመልሰዋል። ሁለቱ ስሞች መምታታታቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው እዚያ መስኮት ላይ ነው።

ሕጉ የብዕር ስምን አይጠላም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲ ስሙን ሳይገልጽ ወይም በብዕር ስም ሥራውን የማውጣት መብት ይሰጠዋል። ልዩነት የሚያመጣው የጥበቃው ዘመን ነው። ደራሲው የሚታወቅ ከሆነ መብቱ ዕድሜ ልኩን፣ ከሞተ በኋላም ለወራሾቹ 50 ዓመት ይቆያል። በብዕር ስም የወጣና ባለቤቱ ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሥራ ግን 50 ዓመቱ የሚቆጠረው ከታተመበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ጊዜው ሳያልቅ ማንነቱ ከታወቀ ወደ ረዥሙ ዘመን ይመለሳል።

ይህን በልጅቱ ላይ እናስላው። በ22 ዓመቷ፣ በ2018 ዓ.ም. መጽሐፏ ወጣ እንበል። ማን እንደሆነች የሚያሳይ ነገር ከሌለ ጥበቃው በ2068 ያበቃል፤ ያኔ ገና የ72 ዓመት ሴት ናት። በሕይወት እያለች ማንም እያሳተመ ሊሸጠው ይችላል። ማንነቷ ከታወቀና እስከ 80 ዓመቷ ከኖረች ግን በ2076 ስታርፍ ልጆቿ ገና የ50 ዓመት መብት ይቀራቸዋል፤ እስከ 2126 ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለቱን ስሞች የሚያገናኝ ወረቀት ያስፈልጋል። ልጅቱ ከውሉ አንድ ቅጂ አስቀረች፤ በእጇ የጻፈችውን ረቂቅም አልጣለችም። ሥራውን በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብም ይቻላል። ምዝገባ ለመብቱ ግዴታ ባይሆንም ክርክር ሲነሳ ማስረጃ ነው። ኑዛዜ የሚጽፍ ደራሲም ሁለቱንም ስም ቢጠቅስ፣ ወራሾቹ «ይህ የእናታችን መጽሐፍ ነው» ብለው ለማስረዳት አይቸገሩም።

የብዕር ስም የማያደርገውንም ማወቅ ደግ ነው። አሳታሚው ማን እንደሆነች ያውቃል፤ የሰው ስም የሚያጠፋ ነገር ብትጽፍ ተጠያቂነቱ አይቀርላትም። እንጭኒን በመሰለች ትንሽ ከተማ ደግሞ ከስሙ ይልቅ ታሪኩ ያጋልጣል፤ የጎረቤትን ጠብ እንዳለ ያስቀመጠች እንደሆነ ጎረቤት በአንድ ምሽት ያውቃታል።

ኩርፊያው ያለቀው በመጽሐፉ ሁለተኛ ገጽ ላይ ነው። ሽፋኑ ላይ አንዱ ቃል ብቻ ወጣ። ከሽፋኑ ቀጥሎ ባለው ገጽ፣ የደራሲነት መብት በሚገለጽበት መስመር፣ የእሷ፣ የአባቷና የአያቷ ስም በሙሉ ተጻፈ። ያ መስመር ሕጉ የሚፈልገውን ማስረጃ ሰጠ። ያን ትንሽ ጽሑፍ የሚያነብ ተማሪ ካለ ግን ምስጢሯ መውጣቱ አይቀርም፤ ይህን አውቃ ነው የተስማማችው። አዛውንቱ ገጹን ገልጠው ስሞቹን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ የልጃቸው ስም ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። «አለ ለካ» አሉ።