«ይማርሽ»፦ የአንዲት ድመት ፊልም በአንድ ገጽ

መርካቶ በርበሬ ተራ የገባ ሰው ሳያስነጥስ አይወጣም። ጆንያ ሲገለበጥ፣ ዛላ ሲቀነጠስ፣ ሚዛን ላይ ሲፈስ ቀዩ ብናኝ ይነሣል። አንዱ ሲያስነጥስ አጠገቡ ያለው ሰው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ «ይማርህ» ይለዋል። እሱም «ያኑርህ» ብሎ ወደ ሒሳቡ ይመለሳል። በገበያ መሐል ብቻዋን ስለምትኖር ድመት አጭር የአኒሜሽን ፊልም ልጽፍ ተነሥቼ ብዙ ወረቀት ካበላሸሁ በኋላ ታሪኩን ያገኘሁት ከዚህች ምልልስ ውስጥ ነው።

ፊልም ሠሪዎች ስክሪፕት ከመጻፋቸው በፊት ትሪትመንት የሚሉትን ያዘጋጃሉ። ትሪትመንት የፊልሙ ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ልክ አሁን በዓይናችን ፊት እየሆነ እንዳለ ተደርጎ፣ ብዙ ምልልስና የካሜራ ትእዛዝ ሳይገባበት የሚተረክበት ጽሑፍ ነው። ለአጭር ፊልም አንድ ገጽ ይበቃዋል። ሠዓሊው፣ ድምፅ ሠራተኛው፣ ገንዘብ የሚያወጣው ሰው ሁሉም ያንኑ ገጽ ያነባሉ። መጨረሻው ተደብቆ «ቀሪውን ፊልሙ ላይ ታዩታላችሁ» አይባልበትም።

አኒሜሽን ላይ ይህ ገጽ ከሌላው ፊልም ይልቅ ከባድ ሸክም አለበት። አንድ ሴኮንድ 24 ፍሬም ነው። ብዙ ጊዜ አንዱ ሥዕል ለሁለት ፍሬም ስለሚያገለግል በሴኮንድ 12 ሥዕል ይሣላል። የእኔ ፊልም አምስት ደቂቃ ነው፤ ይህ 3,600 ሥዕል ማለት ነው፤ ያውም ለአንዲት ድመት ብቻ። በካሜራ የሚሠራ ሰው ትርፍ ነገር ቀርጾ በኋላ ይቆርጣል። እኛ ግን አንዲት አላስፈላጊ ዐረፍተ ነገር ገጹ ላይ ካስቀረን የአንድ ሰው የሳምንታት ድካም ጣልን ማለት ነው።

የመጀመሪያው ረቂቄ እንዲህ ይጀምር ነበር፦ «ድመቷ በሰው መሐል ብትኖርም ጥልቅ ብቸኝነት ይሰማታል። ድሮ የነበራትን ቤት ትናፍቃለች።» አኒሜሽን የምትሠራ ጓደኛዬ አነበበችውና እርሳስ ሰጠችኝ። «በል፣ ናፍቆቷን ሣልልኝ» አለች። ልሥል የምችለው ድመት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ረቂቅ በሁለት ቀለም አሰምርበታለሁ፤ የሚታየውን በሰማያዊ፣ የሚሰማውን በቀይ። ቀለም ያልነካው ዐረፍተ ነገር ይወጣል። ከመጀመሪያው ረቂቅ ሦስት መስመር እንኳ አልተረፈም።

ታዲያ ብቸኝነት እንዴት ይታያል? መጀመሪያ የመጣልኝ ባዶ መንገድና ዝናብ ነበር። ይህ ግን መርካቶን አይመስልም፤ እውነትም አይደለም። ሰው በጣም ብቻውን መሆኑ የሚታወቀው ሌሎቹ ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲታዩ ነው። «ይማርህ» እና «ያኑርህ» ሁለት ሰው ይፈልጋሉ። ድመቷም አፍንጫ አላት፤ እሷም ታስነጥሳለች። የሚመልስላት ግን የለም። ይህ ደግሞ ይታያል፤ ይሰማልም።

ሁለተኛው ችግር ሕዝቡ ነበር። ተሸካሚው፣ ጋሪው፣ ሻጩ፣ ገዢው፣ በርበሬ ቀንጣሿ፤ ይህን ሁሉ እያንቀሳቀሱ መሣል የማይታሰብ ነው። መፍትሔው ድመቷ ራሷ ዘንድ ተገኘ። የድመት ትከሻ ከመሬት 25 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ከዚያ ከፍታ ለሚያይ መርካቶ የእግር ጫካ ነው፤ ጫማ፣ የቀሚስ ጠርዝ፣ የጋሪ ጎማ፣ የተጎተተ ጆንያ። የአንድ ሰው እግር ሁለት እርምጃ በአንድ ሴኮንድ ቢራመድ 12 ሥዕል ይበቃዋል፤ እነዚያው ሥዕሎች እየተደጋገሙ፣ ጫማው እየተቀየረ፣ ፍጥነቱ እየተለያየ ሕዝብ ይሆናሉ። ደግሞም የሰው ፊት ስለማይታይ ማንም ወደ ታች እንደማይመለከታት መናገር አያስፈልግም። ስለዚህ ገጹ ላይ አንድ ውሳኔ አሰፈርኩ፤ እስከ ማታ ድረስ የሰው ፊት አናይም።

ድመቷንም እንደ ሰው ላናናግራት ወሰንን። በ2025 የአካዳሚ ሽልማት በረጅም አኒሜሽን ያሸነፈው የላትቪያው «ፍሎው» ዋና ገጸ ባሕርይ ድመት ናት፤ ፊልሙ ከጅማሬው እስከ ፍጻሜው አንድም ቃል የለበትም። ድመት የራሷ ቋንቋ አላት። ጭራዋን ቀጥ አድርጋ ስትቀርብ ሰላምታ ነው። ጆሮዋን ወደ ኋላ ስታጣጥፍ ፍርሃት ነው። ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን ይህ ነው፤ ያደጉ ድመቶች እርስ በርሳቸው ብዙም «ሚያው» አይባባሉም። ይህን ድምፅ በአብዛኛው የሚያወጡት ለሰው ነው። እንግዲያው የእኛዋ ድመት አፏን በከፈተች ቁጥር ሰው እየጠራች ነው።

ከሰባት ረቂቅ በኋላ የተረፈው ገጽ ይኸውና፦

«ይማርሽ። አኒሜሽን፣ 5 ደቂቃ።

ንጋት። በርበሬ ተራ። የቆርቆሮ በሮች አንድ በአንድ እየጮኹ ይከፈታሉ። ከባዶ ጆንያ ክምር ውስጥ አንዲት ቀጭን ግራጫ ድመት ትወጣለች። በአንድ ጊዜ መንገዱ በእግር ይሞላል። ድመቷ ጭራዋን ቀጥ አድርጋ ወደ አንድ ጥንድ ጫማ ትጠጋለች፤ ጫማው ያልፋል። ወደ ሌላ ትጠጋለች፤ እሱም ያልፋል። አፏን ትከፍታለች፤ ተሸካሚዎች «መንገድ! መንገድ!» እያሉ ሲያልፉ ድምፅዋ አይሰማም።

ጆንያ ይገለበጣል። ቀይ ብናኝ። ከላይ አንድ ሰው ያስነጥሳል። «ይማርህ።» «ያኑርህ።» ድመቷም ታስነጥሳለች። ቀና ብላ ትጠብቃለች። እግሮቹ ያልፋሉ።

ቀትር። ድመቷ ሚዛን ሥር ተቀምጣለች። በርበሬ ሲመዘን ብናኙ ይወርድባታል። ታስነጥሳለች። ከላይ የሻጯ ድምፅ፦ «ይማርሽ፣ የኔ እናት!» ድመቷ ጭራዋን ታነሣለች። የገዢዋ ድምፅ እየሣቀ፦ «ያኑርሽ፣ እኔ እኮ አይደለሁም!» ሁለቱም ይሥቃሉ። ዘንቢል ይነሣል፤ እግሮቹ ይሄዳሉ። የድመቷ ጭራ ቀስ ብሎ ይወርዳል።

ምሽት። ከአንዋር መስጊድ አዛን ይሰማል። በሮቹ ይዘጋሉ። እግሮቹ እየሳሱ ሄደው ያልቃሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ መንገዱን እስከ ዳር እናያለን።

ሌሊት። አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ጋቢውን ተከናንቦ ይመጣል። ሊቀመጥበት ባዶ ጆንያ ያራግፋል። ብናኙ ይነሣል። ዘበኛው ያስነጥሳል። ዝም። ግራ ቀኙን ያያል፤ ማንም የለም። ይቀመጣል።

ከጨለማው ውስጥ ትንሽ ማስነጠስ ይሰማል።

«ይማርህ» ይላል ዘበኛው። ባትሪውን ያበራል። ብርሃኑ በሰው ቁመት ልክ በተዘጋው በር ላይ ያርፋል፤ ሰው የለም። ብርሃኑ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ይወርዳል። መሬቱ ላይ ሁለት ዓይኖች ያበራሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ፊት እናያለን።

«ይማርሽ።»

ድመቷ አፏን ትከፍታለች። «ሚያው።»

ጨለማ።»

ገጹን ላነበቡት ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ወረቀቱን እወስድና በማግስቱ ታሪኩን እንዲነግሩኝ አደርጋለሁ። «ብቸኛ ስለሆነች ድመት ነው» ካሉኝ ገጹ አልሠራም ማለት ነው፤ ያ ርእሰ ጉዳዩ እንጂ ታሪኩ አይደለም። በአምስተኛው ረቂቅ ያነበቡት ሰዎች ሁሉ የቀትሩን አሳሳት ረስተውት ነበር። ምክንያቱ በዚያ ረቂቅ ቀትር ላይ ውሻ ያሳድዳታል፤ ሩጫው የሚዛኑን ነገር ውጦታል። ሩጫ መጻፍ ይጥማል፤ ለመሣልም ደስ ይላል። ግን ድመቷ ከውሻ ብታመልጥ ባታመልጥ «ይማርሽ» መጠበቋን አይለውጠውም። ውሻው ወጣ። አሁን ሰዎች ሲነግሩኝ እዚያው ቦታ ላይ ደርሰው «ውይ!» ይላሉ።

ያራገፈውን ጆንያም ልብ በሉልኝ። በቀደመው ረቂቅ ሌሊት ላይ ድመቷ ዝም ብላ ታስነጥስ ነበር። ገበያው ተዘግቶ፣ ብናኙ ረግቶ ምን አስነጠሳት? ጸሐፊው ስለፈለገ ብቻ ነው። አሁን ብናኙን ያስነሣው ዘበኛው ነው። ራሱም ያስነጥሳል፤ የሚመልስለትም ያጣል። አንድ ጆንያ በማራገፉ ድመቷ ቀኑን ሙሉ በቆመችበት ቦታ እሱም ይቆማል፤ ይህን ደግሞ ተመልካቹ ያለ አስረጂ ያየዋል።

ለአማርኛ ተመልካች ፊልሙ የሚያልቀው በአንዲት ፊደል ነው። «ይማርህ» የተባለው ለማይታይ ሰው ነው፤ «ይማርሽ» ግን ለእሷ ነው፤ «ህ» ወደ «ሽ» ስትለወጥ አያት ማለት ነው። ይህን የሌላ አገር ሰው ከትርጉም ጽሑፍ አያገኘውም፤ በእንግሊዝኛ ሁለቱም አንድ ይሆናሉ። መጀመሪያ ይህ አስጨንቆኝ ጫፉን ልቀይረው ነበር። ኋላ ግን የባትሪው ብርሃን ያንኑ በሥዕል እንደሚናገር ተረዳሁ። ብርሃኑ ከሰው ቁመት ወደ ድመት ቁመት ሲወርድ «ህ» ወደ «ሽ» ይወርዳል። ማስነጠስ፣ ቃል፣ መልስ የሚለውን ተራ ደግሞ ተመልካቹ ጠዋትና ቀትር ላይ ሰምቶ ለምዶታል። ስለዚህ በሌሊቱ ትዕይንት የመልሱ ቦታ ባዶ ሆኖ ይጠብቃል። ጠዋት ጫጫታ የዋጠውን ድምፅዋን የምንሰማው እዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዐረፍተ ነገር ነበሩኝ። ድመቷ ጋቢው ውስጥ ገብታ ትተኛለች፤ ሲነጋም በሮቹ ይከፈታሉ። በጣም እወዳቸው ነበር። ጓደኛዬ የጋቢ እጥፋት በየሥዕሉ እየተለዋወጠ ለመሣል ምን ያህል እንደሚያስቸግር ነገረችኝ፤ እኔ ግን ያወጣኋቸው ለዚያ አይደለም። ድመቷ ጋቢ ፈልጋ አታውቅም። ቀኑን ሙሉ የፈለገችው አንድ ቃል ነው፤ እሱን አግኝታለች።

አሁን ገጹ ወደ ስቶሪቦርድ አልፏል፤ ጓደኛዬ ትዕይንቱን በትንንሽ ሣጥኖች እየሣለች ነው። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያውን ሣጥን አሳየችኝ። ድመቷ የለችበትም፤ ዘበኛውም የለም። የተዘጋ የቆርቆሮ በር ብቻ፣ በላዩም በሰው ራስ ልክ የተንጠለጠለ ክብ ብርሃን።