ከፎቶው ሥር የሚጻፈው
ከዓመታት በኋላ ከየአገሩ ተመልሰው የተገናኙ አብሮ አደጎች ፎቶ ሥር «የማይረሳ ጊዜ» ተብሎ ሲጻፍ ይቆጨኛል፤ ለማንኛውም ፎቶ ይሆናልና። ናፍቆትን የሚቀሰቅሰው ከእነሱ ሌላ ማንም ሊጽፈው የማይችል ዝርዝር ነው። ለምሳሌ፦

«12ኛ ‹ለ›፣ የመጨረሻው ረድፍ። ከግራ ወደ ቀኝ፦ ከዋሽንግተን፣ ከሪያድ፣ ከስቶክሆልም የመጣነው ነን። ጥግ ላይ ያለችው ከአዲስ አበባ አልወጣችም፤ የሁላችንንም ስልክ ይዛ ያገናኘችን እሷ ናት። አጠገቧ የተተወው ክፍት ቦታ ለዚህ ቀን ያልደረሰው ወዳጃችን ነው።»

ስሞችን በአቋቋማቸው ቅደም ተከተል ጨምሩ፤ ልጆቻችሁ ቅጽል ስሙን ብቻ አይተው ሰውየውን አይለዩትም። ዓመቱንም ስትጽፉ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» በሉ፤ ካልተለየ ፎቶው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ከቦታው ይርቃል።