ዳታ ሲጠፋ ለመሪው የሚጻፍ ኢሜይል

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ የጊትላብ ባለሙያ የመጠባበቂያውን ዳታቤዝ ፋይሎች የሚያጠፋ መስሎት የዋናውን ማጥፋት ጀመረ። ወዲያው ቢያቋርጠውም ከ300 ጊጋባይት የተረፈው 4.5 ያህል ነበር። የዘወትሩ ባካፕ ሲታይ ባዶ ሆነ፤ የመገልበጫው ፕሮግራም እትም ከዳታቤዙ ስላልገጠመ ሲከሽፍ ቆይቷል። ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት በፊት ለሙከራ ሰርቨር የተወሰደ ቅጂ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ጀማሪ ፕሮግራመር ለቡድን መሪው የሆነውን በሰዓት በሰዓቱ ይጻፍ፦

«ከረፋዱ 5፡20 ላይ የማጥፊያውን ትዕዛዝ በስህተት በዋናው ሰርቨር ላይ ሰጥቼ 5፡21 ላይ አቁሜዋለሁ። አዲስ መረጃ እንዳይገባ ሲስተሙን ዘግቻለሁ። ከንጋቱ 11፡20 ከተወሰደው ቅጂ እየመለስኩ ነው። ከዚያ ወዲህ የገባው እስካሁን አለመገኘቱን ላሳውቅዎ እወዳለሁ።»

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር አይቅር፤ መሪው ለደንበኞች ምን እንደጠፋ የሚናገረው በእሱ ተመርኩዞ ነው።