ፕሬሸር ኩከር ከመግዛታችን በፊት፦ ፊሽካው፣ ጎማውና መለዋወጫው

በዚህ እትም የምንጽፈው ከግቢ ውጭ ቤት ተከራይተን ከምንኖረው ከስድስታችን ማድቤት ስለተነሳ ጉዳይ ነው። ያለፈው ረመዷን ከመግባቱ በፊት ተመርቆ ከሚወጣ ተማሪ አንድ ያገለገለ ፕሬሸር ኩከር በርካሽ ገዝተን ነበር። በሦስተኛው ቀን ለኢፍጣር ሾርባ አተር ክክ ጣድንበት። ፊሽካው ሁለት ጊዜ ጮኸና ዝም አለ። እሳቱ ግን በሙሉ ኃይሉ እየነደደ ነበር። ለመግሪብ ጥቂት ደቂቃ ስለቀረ አንዱ ወንድማችን «በቃ በስሏል» ብሎ ክዳኑን ለመክፈት እጀታውን ያዘ። አልዞር አለው። ሌላው ደርሶ እሳቱን አጠፋና ሁላችንንም ከማድቤት አስወጣን።

በዚያ ቀን በተምርና በውኃ አፈጠርን። ድስቱ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ስንከፍተው የእንፋሎቱ መውጫ ቀዳዳ በአተር ገለፈት ተደፍኖ አገኘነው። ይህ በማንኛውም ፕሬሸር ላይ ሊደርስ ይችላል። ያስደነገጠን ሌላ ነገር ነው። ሴፍቲ ቫልቩ መኖር በነበረበት ቦታ ላይ አንድ ሰው ብሎን ከነዳዱ አስሮበታል። አሮጌው ሴፍቲ ሲያረጅ አዲስ አላገኘለትም መሰለን፤ እንፋሎት እንዳያፈስ ብቻ ደፍኖታል። እኛም ስንገዛ ክዳኑን ገልብጠን አላየንም።

አደጋው ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር እንየው። አብዛኛው የቤት ፕሬሸር የሚሠራው ከውጭው አየር በ1 ባር ገደማ በሚበልጥ ግፊት ነው። ቁጥሩ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክዳን ላይ ሲያርፍ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል 320 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ሦስት ኩንታል ጤፍ እንደማለት ነው፤ ያን ሁሉ የሚይዙት በክዳኑ ጠርዝ ያሉት ጥርሶች ናቸው። ክዳን በግድ የሚከፍት ሰው እጁን የሚያስገባው በዚህ መካከል ነው።

ግፊቱን በ1 ባር የሚይዘው ፊሽካ የምንለው ክብደት ነው። ቀዳዳው 3.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው፣ 1 ባር ግፊት እሱን ለማንሳት የሚያስፈልገው ክብደት 100 ግራም ገደማ ነው። ግፊቱ ከዚያ ሲያልፍ ክብደቱ ይነሳል፣ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ክብደቱ ተመልሶ ይቀመጣል። ቀላል ግን ብልህ አሠራር ነው፤ የሚሠራው ግን ክብደቱና ቀዳዳው ለእርስ በርሳቸው የተሠሩ እስከሆኑ ድረስ ነው። የጠፋ ፊሽካ በሌላ ስም ፕሬሸር ፊሽካ የሚተኩ ሰዎች አሉ፤ «ልኩ ገጥሟል» ይላሉ። ያው 100 ግራም ክብደት 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ላይ ቢቀመጥ የሚነሳው በ1.4 ባር ገደማ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር በዓይን አይለይም፤ ድስቱ ግን ከታሰበለት በላይ ከሲሶ የሚበልጥ ግፊት ይሸከማል። ስለዚህ ስሙ የታወቀ፣ የራሱ ፊሽካ ለብቻው የሚሸጥለት ፕሬሸር መምረጥ ለስም ብለን የምናደርገው ነገር አይደለም።

ፊሽካው ሲደፈን ሁለተኛው ጠባቂ ሴፍቲ ቫልቩ ነው። ዓይነቱ እንደ ፋብሪካው ይለያያል። በብዙ የሕንድ ፕሬሸሮች ላይ መሀሉ በቶሎ የሚቀልጥ ብረት የተሞላበት ትንሽ የሚታሰር ቁልፍ ነው፤ ውኃው አልቆ ድስቱ ከልክ በላይ ሲግል ይቀልጥና እንፋሎቱን ያስወጣል። አንዴ ከቀለጠ መለወጥ ነው እንጂ ጥገና የለውም። በሌሎቹ ላይ ሞላ ያለው ወይም የጎማ ቡሽ ሆኖ በግፊት የሚከፈት ነው። ፕሬስቲጅን በመሰሉት ላይ ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ በክዳኑ ጎን አንድ ረጅም ክፍተት ታያላችሁ፤ ግፊቱ በጣም ሲያልፍ የክዳኑ ጎማ በዚያ ክፍተት ተገፍቶ ይወጣና እንፋሎቱን ወደ ጎን ያስተነፍሳል። ክፍተቱ የፋብሪካ ስህተት የሚመስለው ሰው እንዳይደፍነው።

የክዳኑም አገጣጠም አንድ አይደለም። ሆኪንስ በሚታወቅበት አሠራር ክዳኑ ሞላላ ነው፤ አዘንብለው ወደ ውስጥ ያስገቡትና ከጠርዙ ሥር ይገጥማል። ግፊቱ ራሱ ክዳኑን ወደ ላይ ገፍቶ ስለሚያጣብቀው ግፊት እያለ ልክፈት ቢሉ አይወርድም። ከላይ ተዙሮ የሚገጥመው ዓይነት ለመክፈትና ለማጠብ ይቀላል፤ ነገር ግን ጥርሶቹ ሲያልቁ ወይም ድስቱ ወድቆ ጠርዙ ሲጣመም አደገኛ ይሆናል። ሞላ ባለው ቫልቭ የሚሠሩት፣ ለምሳሌ ብዙዎቹ የቴፋል ሞዴሎች፣ ግፊት ሲኖር ብቅ የምትል ትንሽ መርፌ አላቸው፤ መርፌዋ ካልወረደች ክዳኑ አይከፈትም። ለተቻኮለ ጾመኛ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም፤ ዋጋውን ለተማሪ ኪስ ካልነገርነው በስተቀር።

አሁን ወደ ጋዙ እንምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ነው። እሳቱን ብንጨምርም ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ሽምብራ በክፍት ድስት የሚያስመርረን ለዚህ ነው። በ1 ባር ፕሬሸር ውስጥ ግን እዚሁ ከተማችን ሙቀቱ ወደ 116 ዲግሪ ይደርሳል።

በቤታችን ለክተነዋል። ሌሊቱን የተዘፈዘፈ ግማሽ ኪሎ ሽምብራ በተራ ድስት ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ፤ በጆግ እየለካን የጨመርነው ውኃ 1.5 ሊትር ሆነ፤ ሁሉም ተንኗል። አንድ ሊትር የፈላ ውኃ ለማትነን 2.26 ሜጋ ጁል ስለሚያስፈልግ፣ 1.5 ሊትሩ 3.4 ሜጋ ጁል ወሰደ ማለት ነው። ከምድጃው ሙቀት ግማሹ ብቻ ድስቱ ውስጥ ይገባል ብለን ብንወስድ 6.8 ሜጋ ጁል አቃጥለናል። አንድ ኪሎ የሲሊንደር ጋዝ 46 ሜጋ ጁል ገደማ ስለሚሰጥ፣ ለእንፋሎት ብቻ የሄደው 150 ግራም ጋዝ ነው። በየቀኑ እንዲህ ብናበስል 6 ኪሎ ጋዝ በ40 ቀን በመስኮት ይወጣል። በፕሬሸር ያው ሽምብራ ፊሽካው ከተነሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላበትም፤ የጎደለው ውኃም ከአንድ ብርጭቆ ያነሰ ነው።

ከዚህ የምናገኘው አንድ ያልጠበቅነው ነገር አለ። በጋዝ ቁጠባ በኩል በአንዱና በሌላው ስም መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። ሞላ ያለው ቫልቭ ከሚያፏጨው ያነሰ እንፋሎት ይለቃል፤ ከዚያ በላይ ግን የሚወስነው የእኛ እጅ ነው። ፊሽካው አንዴ ከተነሳ በኋላ እሳቱን ዝቅ ካላደረግነው እያንዳንዱ ፉጨት የምንከፍልበት ጋዝ ነው። የድስቱን ቂጥ ግን ስትገዙ እዩት፤ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ንኩት፤ ከተወዛወዘ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ሙቀቱ በደንብ አይደርሰውም። ኢንዳክሽን ምድጃ ያላችሁ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ ማግኔት የማይዘው ተራ አልሙኒየም እዚያ ላይ አይሞቅም።

መጠኑንም አስቡበት። ፕሬሸር ከሁለት ሦስተኛው በላይ አይሞላም፤ እንደ አተር፣ ምስርና ሽምብራ ያለ አረፋና ገለፈት ያለው ነገር ከሆነ ደግሞ ከግማሹ በላይ አይሞላም። የእኛ ቀዳዳ የተደፈነው እስከ አንገቱ ስለሞላነው ነው። ግማሽ ኪሎ ሽምብራ ተዘፍዝፎ ከውኃው ጋር ወደ 2.5 ሊትር ስለሚሆን 5 ሊትር የሚይዝ ድስት ልክ ይመጣለታል። ባለ 3 ሊትሩ ለስድስት ሰው ርካሽ መስሎ አደጋ ነው።

አዲሱን ለመግዛት መርካቶ ስንሄድ አንድ ደንብ ይዘን ነበር፤ ድስቱን ከመጠየቃችን በፊት ጎማውን እንጠይቃለን። የክዳን ጎማ በሙቀት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ በየቀኑ የሚያበስል ቤት በአንድ ዓመት አካባቢ መለወጥ ይኖርበታል። መጀመሪያ ዓይናችን ያረፈው የሚያብረቀርቅ፣ ስሙ የማይታወቅ ድስት ላይ ነበር። ነጋዴው «ልጆች፣ የዚህ ጎማ አይበላሽም፤ ቢበላሽም ከካላማዳሪያ ቆርጣችሁ ታስገባላችሁ» አለን። አመስግነን ወጣን። የመኪና ካላማዳሪያ በምግብና በ116 ዲግሪ እንፋሎት ውስጥ እንዲቆይ የተሠራ ጎማ አይደለም፤ በእጅ ተቆርጦም እኩል ውፍረትና ልክ አይኖረውም።

ቀጥለን የአንድ የሕንድ ፕሬሸር ጎማ፣ ፊሽካና ሴፍቲ ለብቻቸው እንዳሉ ሁለት ሱቅ ውስጥ ጠየቅን። ሁለቱም ጋ ነበሩ። ያንኑ ባለ 5 ሊትሩን ገዛን። እዚያው ሱቅ ውስጥ ክዳኑን ገልብጠን በቀዳዳው ብርሃን አየንበት፤ ሴፍቲው ላይ ያለው ስምና ድስቱ ላይ ያለው ስም አንድ መሆኑን አየን፤ ክዳኑን ገጥመን በእጃችን ስናወዛውዘው እንደማይላቀቅ አረጋገጥን። ትርፍ ጎማና ትርፍ ሴፍቲም አብረን ወሰድን፤ የሚያስፈልጉን ቀን ሱቁ ይዘጋ ይሆናልና።

አሁን በቤታችን ሽምብራው የሚጣደው ከመግሪብ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድሞ ነው። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ሳይነካ ይቀመጣል፤ ፊሽካው በሹካ ትንሽ ቀና ሲደረግ ምንም ካልተነፈሰ ብቻ እጀታው ይዞራል። አዛን ቢቀድመን ተምሩ አለ። ያ ባለ ብሎን ክዳን ደግሞ ማንም አንስቶ እንዳይሸጠው ጥርሶቹን በመዶሻ አጣመን ለቁራሌው ሰጥተነዋል።